ጄልብሬክ የተደረገ ፒኤስ 4 ስትገዙ ቁጥሯን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፒኤስ 4 ለመግዛት ሱቅ ስትገቡ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ጄልብሬክ ነው ኖርማል የምትፈልጉት?» የሚል ነው። ጄልብሬክ የተደረገው ሃርድ ዲስኩ በጌም ጢም ብሎ ይመጣል። ፊፋ አለ፣ ጂቲኤ አለ፣ ሞርታል ኮምባት አለ። ኖርማሉ ባዶውን ነው፤ ጌም በዲስክ ወይም ከኦንላይን ሱቅ በዶላር ይገዛለታል። ኪሱን ለሚያይ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሻጩ ግን አብሮ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የገዛችሁት አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ የቀረ ኮንሶል ነው። ባኑም፣ የዋስትናው ጣጣም፣ አፕዴት ተበላሸ የሚባለውም፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከዚች ቁጥር ጋር ይያያዛል።

ቁጥሯን ለማየት ሴቲንግ ግቡ፣ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን። `System Software` ከሚለው ጎን 9.00 ወይም 11.00 ወይም ሌላ ነገር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የኮንሶሉ ሶፍትዌር ቨርዥን ማለት ይህ ነው።

ጄልብሬክ ሲደረግ ምን ይሆናል?

ፒኤስ 4 ያው ኮምፒውተር ነው። ሲስተሙ የተሠራው ፍሪቢኤስዲ ከሚባል፣ ማንም በነፃ ሊያገኘው ከሚችል የኮምፒውተር ሲስተም ተነስቶ ነው። ልዩነቱ ሶኒ ዲጂታል ፊርማውን ያላሳረፈበት ፕሮግራም እዚያ ላይ አለመሥራቱ ነው። ዲስክ ላይ ያለው ጌም ፊርማ አለው፣ ከኦንላይን የሚወርደውም አለው። ጓደኛችሁ በፍላሽ ያመጣላችሁ ኮፒ ግን የለውም። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ ዋና ክፍል ይህን ቁጥጥር ከሥር ይዞታል። ጄልብሬክ ማለት ከርነሉ ውስጥ የፕሮግራም ስህተት ፈልጎ፣ በስህተቱ በኩል ገብቶ፣ ፊርማ መጠየቁን እንዲተው ማድረግ ነው። ከገቡ በኋላ `GoldHEN` የመሰለ ፕሮግራም ይጫንና የተቀዱ ጌሞች መከፈት ይጀምራሉ።

ስህተቱ ግን በየቨርዥኑ ይለያያል፣ ለዚህ ነው ቁጥሯ ሁሉ ነገር የሆነችው። 9.00 ላይ ያለው ስህተት የሚነሳው ኮንሶሉ ፍላሽ ሲያነብ ነው። ሆን ተብሎ የተጣመመ መረጃ ያለበት ፍላሽ ይሰካል፣ በኮንሶሉ ብሮውዘር አንድ ገጽ ይከፈታል፣ ሁለቱ ተባብረው ከርነሉን ያስቱታል። 11.00 ላይ የሚሠራው ሌላ ነው። ስሙ `PPPwn` ይባላል፣ አንዲ ንጉየን የሚባል የሴኪዩሪቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ነው፤ ፍላሽ ሳይሆን የኔትወርክ ገመድ ይፈልጋል። በገመዱ ወዲያኛው ጫፍ ያለ ላፕቶፕ ኮንሶሉ ለኢንተርኔት ግንኙነት ሲጠይቅ የተንኮል መልስ ይልክለታል። የሚያስቀው ደግሞ ስህተቱ የተመሠረተበት ቀዳዳ በ2006 ተመዝግቦ ቁጥር የተሰጠው፣ የታወቀ ቀዳዳ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሳይደፈን ፒኤስ 4 ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ሶኒ አንድ ቀዳዳ እንዳለ ሲያውቅ በአፕዴት ይደፍነዋል። የ9.00ው በ9.03 ተደፈነ፣ የ`PPPwn`ም በ11.02። ስለዚህ ጄልብሬክ የተደረገ ኮንሶል በባሕርዩ ወደ ኋላ የቀረ ኮንሶል ነው። ሌላ አማራጭ የለውም፤ ወደፊት ከሄደ ጄልብሬክነቱ ያበቃል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። በእነዚህ ቨርዥኖች ጄልብሬኩ ኮንሶሉ ላይ ተጽፎ አይቀርም። ያለው ጊዜያዊው ሚሞሪ ውስጥ ነው። ኮንሶሉ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲበራ እንደገና መሠራት አለበት። ሻጮች «ሬስት ሞድ ላይ አድርገው እንጂ አታጥፋው» የሚሉት ለዚህ ነው። ምክሩ ጥሩ ነበር፣ መብራት ባይጠፋ። መብራት ሲጠፋ ሬስት ሞድም አይተርፍም። መብራት ተመልሶ ኮንሶሉን ስታበሩት ትናንት የተጫወታችሁት ጌም እንቢ ይላል፤ ፍላሹን ሰክቶ ገጹን ከፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ሂደት ደግሞ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ አይሳካም። ከርነሉ በተሳሳተ ቦታ ሲሳሳት ኮንሶሉ ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሲበራ በሥርዓቱ እንዳልጠፋ ነግሯችሁ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። አንድ ሁለቴ ቢሆን ምንም አይደለም። እየተደጋገመ ሲሄድ ግን የጌሞቹ ዝርዝር መዘባረቅ፣ ሴቭ የተደረገ ጨዋታ መበላሸት፣ ሜኑው መንቀርፈፍ ይመጣል። ያን ጊዜ ኮንሶሉን አጥፍቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛ «ቢፕ» እስኪል፣ ሰባት ሰከንድ ያህል፣ ተጭኖ ይዞ ሴፍ ሞድ መግባትና ቁጥር 5 ላይ ያለውን `Rebuild Database` መምረጥ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ጌም አያጠፋም፣ ዝርዝሩን እንደገና ያደራጃል እንጂ።

አፕዴት የምትለዋ ቁልፍ

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። እንበል 9.00 ላይ ያለ፣ አርባ ጌም የተጫነበት ፒኤስ 4 ገዛችሁ። ሻጩ አውቶማቲክ አፕዴት አጥፍቷል። ከዚያም ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የዲኤንኤስ ቁጥር ቀይሯል፤ ይህ ኮንሶሉ የሶኒን የአፕዴት ሰርቨር እንዳያገኘው የሚያደርግ ዘዴ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ቤት ቀየራችሁ እንበል፣ ወይም ዋይፋዩን ቀየራችሁ። አዲሱን ዋይፋይ ስታስገቡ ኮንሶሉ «ቀላሉን መንገድ» ሲላችሁ ተቀበላችሁት። የሻጩ ዲኤንኤስ እዚያ ላይ ሄደ። አውቶማቲክ አፕዴቱ ቢጠፋም ኮንሶሉ አሁን ሰርቨሩን ስላገኘው አዲስ ቨርዥን እንዳለ ይነግራችኋል። ከዚያ አንድ ቀን ትንሹ ወንድም ጆይስቲኩን አንስቶ «ኦኬ» ይላል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ኢንተርኔት ጭራሽ የማያስፈልገው። ኦሪጅናል የጌም ዲስክ የሚፈልገውን የሲስተም ሶፍትዌር ራሱ ዲስኩ ላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። 9.00 ላይ ላለ ኮንሶል አዲስ ዲስክ ከጓደኛ ተውሳችሁ ከታችሁ፣ «ይህን ለመጫወት አፕዴት ያስፈልጋል» ይላችኋል፣ ተስማማችሁ፣ አለቀ። ዋይፋዩን ነቅሎ የተጠነቀቀ ሰው እንኳን በዚህ ይሸወዳል።

አፕዴቱ ካለቀ በኋላ ኮንሶሉ ደህና ይመስላል። ይበራል፣ ሜኑው ይመጣል፣ የጌሞቹ ሥዕል ሁሉ በቦታው አለ። ስትጫኗቸው ግን አይከፈቱም። ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ፊርማ መጠየቁ ተመልሷል፣ አርባዎቹ ጌሞች ደግሞ ፊርማ የላቸውም። ሃርድ ዲስኩን አጣበው ይቀመጣሉ እንጂ አይሠሩም። ወደ 9.00 መመለስስ? ፒኤስ 4 ካለበት ቨርዥን በታች የሆነ ሶፍትዌር አይቀበልም፤ ፋይሉን በፍላሽ ብታቀርቡለትም እንቢ ይላል። ቦርዱን ፈትተው ቺፕ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከአፕዴቱ በፊት ወደነበረው ቨርዥን የሚመልሱበት መንገድ አለ፣ ግን ሌላ ወጪ ነው፣ ሌላ አደጋም ነው። ስለዚህ «ሶፍትዌሩን መልሼ እጭነዋለሁ» የሚላችሁ ሰው ካለ በትክክል ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጠይቁት።

አፕዴት እየተደረገ መብራት ቢጠፋስ? ይህ ኖርማል ኮንሶል ላይም ይደርሳል፤ ግን ኖርማሉ መውጫ አለው። ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ከሶኒ ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን ፋይል በፍላሽ ትሰጡታላችሁ። ፍላሹ ላይ የፎልደሩ ስም እንዲህ ካልተጻፈ አያገኘውም፦

```
PS4/UPDATE/PS4UPDATE.PUP
```

ለጄልብሬክ ሰው ግን መውጫው ራሱ ወጥመድ አለው። ሶኒ በድረ ገጹ ላይ የሚያስቀምጠው የመጨረሻውን ቨርዥን ብቻ ነው። በዚያ ኮንሶሉን አዳናችሁት ማለት ጄልብሬኩን ጨረሳችሁት ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲሞትም ታሪኩ ያው ነው። አዲስ ሃርድ ዲስክ ሲገባ ሲስተሙ ከዜሮ ይጫናል፣ የሚቀበለውም ኮንሶሉ የነበረበትን ቨርዥን ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ነው። 9.00 ላይ የነበረ ሰው የ9.00ን ሙሉ ፋይል፣ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋውን፣ አስቀድሞ ካላስቀመጠ ወይ ከማይታወቅ ሰው ያወርዳል ወይ አፕዴት ያደርጋል። ሻጩን የዚያን ፋይል ኮፒ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፣ ግን የሚጠይቅ ሰው የለም።

አፕዴት ባታደርጉም ጊዜ ራሱ ይጎዳችኋል። እያንዳንዱ ጌም «ቢያንስ ይህን ቨርዥን እፈልጋለሁ» ብሎ ይመጣል። ከ9.00 በኋላ የወጣ ጌም 9.00 ላይ እንዲሠራ ሰዎች ፋይሉን ነካክተው ዝቅ ያደርጉታል። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ መሃል ላይ `CE-34878-0` ብሎ ይዘጋል። ይህ ኮድ «ጌሙ ወደቀ» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም፣ ኖርማል ኮንሶል ላይም ይመጣል፤ ግን አንድ የተወሰነ ጌም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ከወደቀ ሃርድ ዲስኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት የጌሙን ኮፒ ጠርጥሩ። ኳስ ጌም የሚወድ ደግሞ ሌላ ብስጭት አለበት። የተጫዋቾች ዝውውር የሚመጣው ከጌሙ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ጋ የማይደርስ ኮንሶል ላይ የሄደው ተጫዋች አልሄደም፣ የመጣውም አልመጣም፤ አንድ ሰው የተስተካከለ ፋይል በፍላሽ እስኪያመጣላችሁ ትጠብቃላችሁ። የጌም ቤት ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ባኑ ከየት ይመጣል?

እዚህ ጋ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። ጄልብሬክ ያደረገ ሰው ወዲያው ባን የሚሆን ይመስላቸዋል። በተግባር መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ባን አይደለም፣ የተዘጋ በር ነው። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የቅርቡን ቨርዥን ይፈልጋል። 9.00 ላይ ሆናችሁ ልትገቡ ስትሞክሩ «መጀመሪያ አፕዴት አድርግ» ይላችኋል። ዱባይ ካለችው የአክስት ልጅ ጋር ኦንላይን ኳስ ለመጫወት ብሎ ጄልብሬክ የገዛ ሰው ገንዘቡን የሰጠው ለማይሆን ነገር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ጆይስቲክ ለሚጫወት ግን ይህ ምንም አያጎድልበትም።

ባኑ የሚመጣው ሰው በሁለቱም በኩል ልሂድ ሲል ነው። አንዱ መንገድ የቨርዥን ቁጥሩን በውሸት ከፍ አድርጎ በሚያሳይ ፕሮግራም ለመግባት መሞከር ነው። ሌላው ለረጅም ጊዜ በጄልብሬክ ተጫውቶ፣ ሰልችቶት አፕዴት አድርጎ፣ ኮንሶሉን ሳያጸዳ በራሱ አካውንት መግባት ነው። ያልገዛቸው ጌሞች፣ በእነሱ የተገኙ ትሮፊዎች፣ የተነካኩ ሴቭ ፋይሎች አብረው አሉ። በኔትወርኩ የአጠቃቀም ውል ላይ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር መጠቀምና ሲስተሙን መነካካት የተከለከለ ነው፤ ሶኒም አካውንቱን ብቻ ሳይሆን ኮንሶሉንም የማገድ መብት አስቀምጧል።

ሁለቱን ለዩአቸው። አካውንት ሲታገድ ኢሜይላችሁ፣ በዚያ የገዛችኋቸው ጌሞች፣ የሞላችሁት የጊፍት ካርድ ገንዘብ አብሮ ይታሰራል። ኮንሶል ሲታገድ ደግሞ የሚታገደው ውስጡ ያለው የማይቀየር መለያ ቁጥር ስለሆነ አዲስ አካውንት ብትከፍቱ፣ ሃርድ ዲስክ ብትቀይሩ፣ ከዜሮ ብታስጭኑት አይለቅም። ዲስክ ከትቶ ብቻን መጫወት ይቀራል፣ ኦንላይኑ ግን ሄዷል። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው፤ ጥፋቱን የሠራው ሰው ሸጦ ይገላገላል፣ ቅጣቱ ለገዢ ይተርፋል። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ እኛ የምንጫወተው የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ብለን በከፈትነው አካውንት ነው። ታግዶ አቤት ማለት ሲመጣ ይህ ራሱ አንገት የሚያስደፋ ነው።

ሶኒ ከኔንቴንዶ ጋር ሲወዳደር ገር ነው ማለት ይቻላል። ኔንቴንዶ ስዊች 2 በ2025 ሲወጣ ኮፒ ጌም የሚያጫውት ካርትሪጅ የተጠቀሙ ሰዎች ኮንሶላቸው በቀናት ውስጥ ከኦንላይን ታግዷል፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ኮድ `2124-4508` ነው። ኩባንያው ከዚያ ቀደም ብሎ የአሜሪካ ውሉን ሲያድስ ውሉ ከተጣሰ መሣሪያውን በከፊልም ሆነ በሙሉ ለዘለቄታው ከአገልግሎት ውጪ ማድረግ እንደሚችል ጽፏል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ያገለገለ ስዊች 2 የምታስመጡ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ኦንላይን ሱቁን ከፍቶ በቪዲዮ ያሳያችሁ።

ዋስትናው

ይኼኛው አጭር ነው። እዚህ አገር ያገለገለ ፒኤስ 4 የሚገዛ ሰው የሶኒ ዋስትና የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው የሱቁ ቃል ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ኮንሶሉ መብራቱንና ዲስክ መቀበሉን ብቻ ይሸፍናል። ስለዚህ ስትገዙ «ጄልብሬኩ ቢጠፋ መልሰህ ትሠራልኛለህ ወይ? በነፃ ነው በክፍያ?» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።

ውጭ አገር ላላችሁ ግን ነገሩ ይለያል፣ በተለይ ፒኤስ 5 ወይም ስዊች 2 አዲስ ለገዛችሁ። ሲስተሙን መነካካት በአምራቹ ዋስትና አይሸፈንም፤ ለጥገና ስትልኩት አይተው ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ግን መክፈትና መነካካት አንድ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኔንቴንዶም ነበሩበት። ነገሩ «ይህ ተለጣፊ ከተነሳ ዋስትና የለም» የሚለው ማስፈራሪያ ሕጋዊ አይደለም የሚል ነው። አቧራ ለመጥረግ ወይም የፕሮሰሰሩን ፔስት ለመቀየር በመክፈታችሁ ብቻ ዋስትናውን መከልከል አይችሉም፤ ጉዳቱ ከእናንተ እጅ የመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የተለወጠ ሶፍትዌር የተገኘበት ኮንሶል ይዞ ይህን መከራከር ከባድ ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ጄልብሬክ ልትገዙ ትችላላችሁ። ኦንላይን የማይጫወት፣ ኢንተርኔቱም የማያወላዳ ሰው ቢገዛ አልፈርድበትም። ብቻ ሻጩ አብርቶ ያዘጋጀላችሁን ኮንሶል አይታችሁ አትክፈሉ። አስጠፉት፣ ከሶኬት አስነቅሉት፣ ትንሽ ቆዩ፣ እንደገና አስበሩት። መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ቨርዥን በውሸት የሚያሳይ ፕሮግራም ካለ ከመጥፋቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ አሁን የምታዩት እውነተኛው ነው። ከዚያ ሻጩ ጄልብሬኩን ፊት ለፊታችሁ ይሥራ። ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደተሳካለት ቁጠሩ፣ የሚጠቀምበትን ፍላሽም ተቀበሉ፤ ያለ ፍላሹ ቤት ወስዳችሁት መብራት የሄደ ቀን ተመልሳችሁ ሱቁ ደጃፍ ትቆማላችሁ። የኔትወርክ ሴቲንጉን ክፈቱና የዲኤንኤስ ቁጥሮቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ዋይፋይ ስትቀይሩ በእጅ መልሳችሁ የምታስገቧቸው እነሱን ነው። ኖርማል የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙትና በራሳችሁ አካውንት ግቡ፤ የታገደ ኮንሶል ከሆነ እዚያው ሻጩ ፊት ይታወቃል።